ገዢዬ የምንዛሪውን ጉዳት እንድትጋራኝ ምን ብዬ ልጻፍላት?

«ጤና ይስጥልኝ። የቆዳ የሥራ ጓንት እያመረትኩ ለአንድ የውጭ ድርጅት እልካለሁ። ዋጋችን በዩሮ ነው፤ ጥንዱ 20 ዩሮ። ስንስማማ 1 ዩሮ በአገሬ ገንዘብ 100 ነበር። አሁን 92 ገብቷል። ደመወዝ የምከፍለው በአገሬ ገንዘብ ስለሆነ ትርፌ እያለቀ ነው። ውላችን በየዓመቱ ይታደሳል፤ እድሳቱ ሦስት ወር ቀርቶታል። ጉዳቱን እንድንጋራ፣ ውሉ ላይም የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ እንድናስገባ ለግዢ ኃላፊዋ ልጽፍላት አስቤያለሁ። ግን ልመና እንዳይመስልብኝ፣ እሷም ወደ ሌላ አቅራቢ እንዳትሄድብኝ ፈራሁ። እንዴት ልጻፈው?»

ደብዳቤውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ስሌት እንሥራ። የግዢ ኃላፊዋ ደብዳቤዎን አንብባ መጀመሪያ የምትፈትሸው እሱን ነው።

የ20 ዩሮውን ጓንት እንበትነው። መዝገብዎን ስላላየሁ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩዋቸው። በ100 ተመን 20 ዩሮ በአገርዎ ገንዘብ 2,000 ነው። ከዚህ ውስጥ ደመወዙ፣ መብራቱ፣ ኪራዩና እዚያው አገር ውስጥ የሚገዙት ቆዳ 1,200 ይወስዳል እንበል። ገበሩ፣ ክሩና ማሰሪያው ደግሞ ከውጭ በዩሮ ይገዛል፤ 6 ዩሮ፣ ማለትም 600። የሚተርፍዎት 200 ነው።

አሁን ተመኑ 92 ሆነ። ያው 20 ዩሮ 1,840 ብቻ ያመጣል። 160 ጎደለ። ብዙ ላኪ እዚህ ላይ ያቆምና «በጥንድ 160 አጣሁ» ብሎ ይጽፋል። ግን ከውጭ የሚገዙት ዕቃም እኮ ረክሷል። 6 ዩሮው በፊት 600 ያስወጣዎት ነበር፤ አሁን 552 ነው። ስለዚህ የሚተርፍዎት 88 ነው። ያጡት 112 እንጂ 160 አይደለም።

ይህን ልዩነት ቀላል አድርገው አይዩት። እኔ ራሴ በኤክስፖርት ሽያጭ ክፍል ስሠራ፣ በሙሉው ዋጋ ላይ አስልተን ጭማሪ የጠየቅንበት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ከገዢው የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ከወጪያችሁ ስንት በመቶው በራሳችሁ ገንዘብ ነው?» መልሱ እጃችን ላይ አልነበረም። ከሂሳብ ክፍል ቁጥሩን እስክናወጣ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ የላክነው ቁጥር መጀመሪያ ከጠየቅነው በጣም ያነሰ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምን ብንል አላመኑንም። የጠየቅነው ገንዘብ ብዙ ስለነበረ አይመስለኝም። ወጪያችንን ሳናውቅ መጠየቃችን ነው የጎዳን።

እንግዲህ ለምንዛሪው የተጋለጠው የዋጋዎ ክፍል ከ20 ዩሮው 14ቱ ነው። ከ14ቱ ደግሞ 12ቱ የአገር ውስጥ ወጪ ነው፤ 2ቱ ትርፍዎ ነው። ምክሬ በ12ቱ ላይ ብቻ እንዲጠይቁ ነው። «ወጪዬን እንሸፍን» እና «ትርፌን አስጠብቂልኝ» ለአንባቢዋ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ለአለቃዋ ማስረዳት ትችላለች። ሁለተኛውን አትችልም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከውጭ የሚገዙት ዕቃ በዩሮ ሳይሆን በዶላር የሚከፈል ከሆነ እንደ ዩሮ ወጪ አይቁጠሩት። ዶላሩ የራሱ መንገድ አለው፤ ዩሮ ሲረክስ አብሮ ላይረክስ ይችላል።

አሁን ወደ አንቀጹ። የሚወስኗቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ መነሻ ተመን፣ የመቻቻያ ክልልና የመጋሪያ ድርሻ።

ብዙ ጠብ የሚነሳው በመነሻ ተመኑ ነው። ደንቡ ግን ቀላል ነው፤ መነሻው ዋጋው የተሰላበት ተመን ነው። 20 ዩሮ ያሉት በ100 አስልተው ከሆነ መነሻዎ 100 ነው። ዋጋውን ዛሬ በ92 እንደገና ካሰሉት ግን መነሻው 92 መሆን አለበት። በ92 የድሮውን 200 ትርፍ ለማግኘት ስንት መጠየቅ ነበረብዎት? 1,200 እና 552 እና 200 ሲደመር 1,952 ነው። ለ92 ሲካፈል 21.22 ዩሮ ይሆናል። አንዳንዱ ላኪ ዋጋውን ወደ 21.22 ከፍ ያደርግና መነሻውን 100 ላይ ይተወዋል። ያ አንዱን ጉዳት ሁለቴ ማስከፈል ነው። ሳያስቡት የሚያደርጉትም አሉ። ገዢዋ ግን ሳያስቡት መሆኑን አታውቅም።

የእኔ ምርጫ 20 ዩሮውን እንዳለ ትተው መነሻውን 100 ማድረግ ነው። ታዲያ አንቀጹ ሥራ በጀመረበት ቀን ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ደብዳቤው ላይ በግልጽ ቁጥሩን ጠርተው ይንገሯት። ተደብቆ የተገኘ ጭማሪ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

የመቻቻያ ክልል ማለት ተመኑ ቢንቀሳቀስም ዋጋው የማይነካበት ወሰን ነው። በመነሻው ላይና ታች 3 በመቶ እንበል፤ ከ97 እስከ 103። በዚህ መሀል የሚመጣውን እርስዎ ይችሉታል፣ የሚተርፈውንም እርስዎ ይወስዱታል። ይህ ክልል ከሌለ በየሩብ ዓመቱ ለጥቂት ሳንቲም የዋጋ ዝርዝር ሲቀያየር ይኖራል። የግዢ ክፍሎች ይህን አይወዱትም፤ እያንዳንዱ የዋጋ ለውጥ ለእነሱ ፊርማና የሲስተም ማስተካከያ ነው።

ከክልሉ ውጭ የሚያልፈውን እኩል ይካፈሉ፤ ግማሽ በግማሽ። የ12ቱ ዩሮ ግማሽ 6 ስለሆነ ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

አዲስ ዋጋ = 20 + 6 × (97 ÷ ተመኑ − 1)

ይህ ዩሮ ከ97 በታች ሲወርድ ነው። ከ103 በላይ ሲወጣ በ97 ቦታ 103 ይገባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በመቶኛ ከመጻፍ በማካፈል መጻፉ ይሻላል። ዩሮ 8 በመቶ ቢወርድ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጭማሪ 8 በመቶ ሳይሆን 8.7 በመቶ ነው። በመቶኛ የተጻፈ አንቀጽ ላይ አንዱ ወገን በ8 ሌላው በ8.7 ያሰላና ክርክር ይነሳል።

በ92 እንሞክረው። 97 ለ92 ሲካፈል 1.0543 ነው። 1 ሲቀነስ 0.0543፤ በ6 ሲባዛ 33 ሳንቲም። አዲሱ ዋጋ 20.33 ዩሮ ነው። ለእሷ የ1.6 በመቶ ጭማሪ ነው። በሩብ ዓመት 10,000 ጥንድ ብትገዛ 3,300 ዩሮ መሆኑ ነው። እርስዎ ዘንድ ደግሞ ትርፉ ከ88 ወደ 118 ያድጋል።

«ለ30 ነው ይህ ሁሉ ጣጣ?» ሊሉ ይችላሉ። እውነትዎን ነው፤ በ92 ላይ ካጡት 112 የሚመልስልዎት 30 ብቻ ነው። አንቀጹ ጥቅሙ የሚታየው ነገሩ ሲከፋ ነው። ተመኑ 85 ቢገባ ያለ አንቀጹ በእያንዳንዱ ጥንድ 10 ይከስራሉ። በአንቀጹ ግን 62 ያተርፋሉ። ያለ አንቀጹ ኪሳራ የሚጀምረው ተመኑ 86 አካባቢ ሲደርስ ነው። ከአንቀጹ ጋር ግን፣ ቀመሩ ሳይቆም ከቀጠለ፣ እስከ 77 አካባቢ መቆየት ይችላሉ። ፋብሪካውን የሚያቆየው ይህ ርቀት ነው፤ ለገዢዋም ይህን ነው ማስረዳት ያለብዎት።

ጣሪያም ያስቀምጡ። ተመኑ ከመነሻው 15 በመቶ ካለፈ፣ ማለትም ከ85 በታች ወይም ከ115 በላይ ከሆነ፣ ቀመሩ ይቁምና ሁለታችሁ በ30 ቀን ውስጥ ተነጋገሩ። ይህ ለእርስዎ ሳይሆን ለእሷ ነው የሚጠቅመው። በቀመሩ የሚደርሰው ከፍተኛ ዋጋ 20.85፣ ዝቅተኛው 19.37 ይሆናል። የዓመት በጀት የምትይዝ ሰው የምትፈልገው ይህን ሁለት ቁጥር ነው። መጠኑን የማታውቀው ነገር ከሆነ፣ ጥያቄው ትንሽም ቢሆን እምቢ ትላለች።

ተመኑ ከየት ይወሰድ? ከእርስዎ ባንክም ከእሷ ባንክም አይሁን። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 16፡00 ገደማ የማጣቀሻ ተመን ያወጣል። ለመረጃ እንጂ ለግብይት አይደለም ይላል ባንኩ ራሱ። ለእኛ ዓላማ ግን ይበቃል፤ የምንፈልገው ለውጡን የምንለካበት፣ ሁለታችሁም የምታዩት ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ወደ 30 የሚጠጉ ገንዘቦችን ነው የሚይዘው። የአገርዎ ገንዘብ ከሌለበት የአገርዎ ማዕከላዊ ባንክ በይፋ የሚያወጣውን ይጥቀሱ። መነሻ ተመኑም ከዚያው ምንጭ የተወሰደ ይሁን። መነሻው ከንግድ ባንክ መግዣ፣ መለኪያው ከማዕከላዊ ባንክ ከሆነ ተመኑ ሳይንቀሳቀስ እንኳ ልዩነት ይፈጠራል።

የአንድ ቀን ተመን ደግሞ አይውሰዱ። የአንድ ወር የሥራ ቀናት አማካይ ይሁን። አንድ ቀን ገበያው ቢናጥ አማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ «ቀኑን መርጠህ ነው» የሚባል ነገርም አይነሳም። ሩብ ዓመቱ ጃንዋሪ 1 የሚጀምር ከሆነ የኖቬምበርን አማካይ ይውሰዱ። እስከ ዲሴምበር 5 አሳውቁ። አዲሱ ዋጋ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ለሚረጋገጡ ትእዛዞች ብቻ ይሁን።

«ለሚረጋገጡ ትእዛዞች ብቻ» የሚለውን አይዝለሉት። የተረጋገጠ ትእዛዝ ዋጋው አይነካም። እሷ በዚያ ዋጋ ዕቃውን ለራሷ ደንበኞች ሸጣው ሊሆን ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ። የጉምሩክ ዋጋ የሚሰላው ለዕቃው በተከፈለው ወይም በሚከፈለው ዋጋ ነው። ዕቃው ገብቶ ቀረጥ ከተከፈለበት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ዋጋ ቢያስተካክሉ፣ የእሷ ሰዎች የጉምሩክ ዲክላራሲዮናቸውን ማረም ሊኖርባቸው ነው። ያን ጣጣ ካስገቡባት በሚቀጥለው ዓመት አንቀጹ አይኖርም።

ስለ አጻጻፉ ድምፅ አንድ ቃል። ይህን እንደ መብት አይጠይቁ። በዓለም አቀፍ ንግድ ውል የሚጠቀሱት የዩኒድሯ መርሆዎች ውልን መፈጸም ስለከበደ ብቻ ግዴታው እንደማይቀር ይናገራሉ። የተለየ የሚሆነው የውሉ ሚዛን ከመሠረቱ ሲናጋ ነው፤ 8 በመቶ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ «ልትቀበዪ ይገባል» የሚል ቃል አይኑር። እንደ ልመናም አይጻፉ። ስለ ችግርዎ ብዛት፣ ስለ ሠራተኞችዎ ኑሮ አይዘርዝሩ። ልብ የሚነካ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የግዢ ኃላፊ ስታነበው «ይህ አቅራቢ ሊወድቅ ነው» ብላ ሁለተኛ አቅራቢ መፈለግ ትጀምራለች። የፈሩት ነገር በራስዎ ብዕር ይመጣል ማለት ነው።

ደብዳቤውን እንዲህ ብጀምረው ደስ ይለኛል። በእሷ ቋንቋ ያስጽፉት፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

«ክብርት የግዢ ኃላፊ፣

ለሚቀጥለው ዓመት ውላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የጓንቱን መነሻ ዋጋ 20 ዩሮ ላይ ማቆየት እፈልጋለሁ። ይህ ዋጋ የተሰላው 1 ዩሮ በአገሬ ገንዘብ 100 በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ 92 ነው። ዋጋውን በዛሬው ተመን እንደገና ባሰላው 21.22 ዩሮ ይሆናል። ያንን ከመጠየቅ ይልቅ የምንዛሪውን ለውጥ በሁለቱም አቅጣጫ የምንጋራበት አንቀጽ እንድናስገባ እጠይቃለሁ።

ከ20 ዩሮው 12ቱ በአገሬ ገንዘብ የሚከፈል ወጪ ነው። አንቀጹ የሚመለከተው እሱን ብቻ ነው። ከውጭ የምንገዛው ዕቃና ትርፋችን አይካተትም። ተመኑ ከ97 እስከ 103 ባለው ክልል እስካለ ድረስ ዋጋው አይለወጥም። ከዚያ ሲያልፍ የተረፈውን እኩል እንካፈላለን። ዩሮ ሲረክስ ዋጋው ይጨምራል፣ ሲጠነክር ይቀንስልዎታል። ተመኑ 108 ቢሆን ዋጋው 19.72 ዩሮ ይሆናል።

በአሁኑ 92 ተመን የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ዋጋ 20.33 ዩሮ ነው። በዓመቱ ውስጥ በዚህ ቀመር ከ20.85 አይበልጥም፣ ከ19.37 አያንስም። ከዚያ ያለፈ ለውጥ ቢመጣ ቀመሩ ይቆምና እንነጋገራለን። ለውጥ የሚደረገው በሩብ ዓመት አንዴ ነው፤ ሩብ ዓመቱ ከመግባቱ ቢያንስ 25 ቀን በፊት እናሳውቃለን። የተረጋገጡ ትእዛዞች አይነኩም።

ስሌቱን በየተመኑ የሚያሳይ ሰንጠረዥና የአንቀጹን ረቂቅ አያይዣለሁ። በሚመችዎት ቀን በስልክ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።»

የ108ቱን ቁጥር የጨመርኩት አውቄ ነው። ዋጋው ሲቀንስ በቁጥር ካልታየ «በሁለቱም አቅጣጫ» የሚለው ቃል ባዶ ይመስላል። እርስዎም በዚያ አይጎዱም። በ108 ላይ ቅናሹን ሰጥተው እንኳ 282 ያተርፋሉ፤ ከመደበኛው 200 ይበልጣል። ግን ከልብዎ መሆን አለበት። ዩሮው ሲጠነክር ሰንጠረዡን ልከው ቅናሹን ራስዎ ያሳውቁ፤ እሷ እስክትጠይቅ አይጠብቁ። ዩሮ ሲረክስ ብቻ የሚታወስ አንቀጽ ከአንድ ዓመት አያልፍም።

እሺ ካለች በኋላ ሁለት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ባንክ ቤት ነው። ዩሮዎን ለወደፊት ቀን በተወሰነ ተመን አስቀድመው የሚሸጡ ከሆነ፣ ማለትም ፎርዋርድ የሚባለውን ውል ከባንክዎ ጋር ከያዙ፣ መጠኑን ይቀንሱ። ያለ አንቀጹ በአንድ ጥንድ 14 ዩሮ ነበር የተጋለጠው። ከመቻቻያው ክልል ውጭ ከ14ቱ 6ቱን አንቀጹ ይይዝልዎታል። የሚቀረው 8 ነው። እርስዎ ግን በድሮው ልማድ 14ቱን በሙሉ በ99 አስቀድመው ሸጡ እንበል። ከዚያ ዩሮው 108 ገባ። ለገዢዋ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ቅናሹን የሚሸፍንልዎት የ108 ጥቅም ግን የለም፣ በ99 ሸጠውታል። አንድን አደጋ ሁለቴ መሸፈን ተገላቢጦሽ አደጋ ይፈጥራል። ስለዚህ ከባንክ ጋር በጥንድ ከ8 ዩሮ በላይ አይዋዋሉ። በክልሉ ውስጥ ትንሽ ተጋልጠው ይቀራሉ፤ ያ የሚቻል ነው። ሌላው ለባንክ የሚቀረው በኢንቮይሱና በክፍያው መሀል ያለው ጊዜ ነው። 60 ቀን ዱቤ ከሰጡ በዚያ 60 ቀን ውስጥ ያለውን የምንዛሪ ለውጥ ይህ አንቀጽ አይነካውም።

ሁለተኛው ኤልሲ ነው፤ ማለትም የገዢዋ ባንክ ሰነድዎን አይቶ ሊከፍልዎት የሚገባበት የክፍያ ሰነድ። ክፍያችሁ በኤልሲ ከሆነ መጠኑ ተቆርጦ የተከፈተ ነው። ኤልሲው ላይ 20 ዩሮ ተጽፎ እርስዎ በ20.33 ኢንቮይስ ቢያቀርቡ ሰነዱ ከኤልሲው ጋር አይስማማም። ባንኩ ልዩነት አለ ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ቢቀበለው እንኳ ከኤልሲው መጠን በላይ ያለውን አይከፍልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤልሲው ከመከፈቱ በፊት ካሰቡት። ኤልሲው የሚከፈተው የሩብ ዓመቱ ዋጋ ከታወቀ በኋላ ይሁን። አንድ ኤልሲ ከሩብ ዓመት የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በጠቅላላ መጠኑም በነጠላ ዋጋውም ላይ «ገደማ» የሚል ቃል እንዲገባ ያስደርጉ። ባንኮች ለኤልሲ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600 አንቀጽ 30 መሠረት ይህ ቃል በተጻፈበት ቁጥር ላይ 10 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈቅዳል። የእርስዎ ቀመር ከ4.3 በመቶ ስለማያልፍ በቂ ነው። ቃሉ በአንዱ ላይ ብቻ ከገባ ግን ሌላው ያስይዝዎታል። አንቀጹን ለፈረሙበት ቀን ብቻ ሳይሆን ለባንኩ ዴስክም እንደሚሆን አድርገው ይዩት፤ ረቂቁን ከመላክዎ በፊት ለባንክዎ የውጭ ንግድ ክፍል ያሳዩ።

መልሷ ምናልባት «ክልሉን እናስፋው» ወይም «ግማሹ ይበዛል፣ ሩቡን እንሸከማለን» ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በወሬ ደረጃ አንድ ይመስላሉ። በስሌት ግን በጣም ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ስልኩን ከማንሳትዎ በፊት የትኛውን እንደሚለቁ ይወስኑ። ክልሉ ከ3 ወደ 5 በመቶ ቢሰፋ በ92 ላይ የሚያገኙት ጭማሪ ከ33 ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል። ኪሳራ የሚጀምርበት ተመን ግን፣ ቀመሩ ከ85 በታችም ቢቀጥል፣ ከ77 ወደ 79 አካባቢ ብቻ ነው የሚጠጋዎት። ድርሻዋ ከግማሽ ወደ ሩብ ቢወርድ ግን ያ ወሰን ወደ 83 ገደማ ይመጣል። ከዛሬው 92 በጣም ሩቅ አይደለም። ክልሉን ይልቀቁላት። ድርሻውን አጥብቀው ይያዙ።

ሁሉንም እምቢ ብትል ደግሞ አንቀጹን ትተው ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ ከ12 ወር ወደ 3 ወር እንድታሳጥርልዎት ይጠይቁ። ያኔ በየሩብ ዓመቱ አዲስ ዋጋ ይሰጧታል፤ እሷም ጣሪያውን ሳታውቅ ትኖራለች። ይህን በቁጣ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ አማራጭ በዚያው ስልክ ላይ አንስተው፣ የ20.85ቱን ጣሪያ ከጎኑ ያስቀምጡላት። ሁለቱን ለማነጻጸር ጥቂት ቀን ይስጧት።